ሲኒና ፍሬ የማይታይበት ስም፦ በመካነ ሰላም ለሚከፈት ቡና መቁያ

ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ ድርጅት ስም ማውጣት ሲታይ ቀላል ነው። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ አቦል፣ ፍሬ፣ በማንም ሰው አፍ ላይ ያሉ ቃላት ናቸው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አንድ ቃል የሁሉም ከሆነ የአንድ ድርጅት መለያ ለመሆን ይቸገራል። ገዢው መደብር ገብቶ ጀበና የተሳለባቸው ሦስት ከረጢቶች ጎን ለጎን ቢያይ፣ ባለፈው ወር የጣመው የቱ እንደነበር ከስሙ ሊያስታውስ አይችልም። ስለዚህ ጥሩ የቡና መቁያ ስም ሲኒና ፍሬ ሳይጠራ ሁለት ነገር ማመልከት ይጠበቅበታል። አንደኛው ነገሩ ከየት እንደመጣ፣ ሁለተኛው በምን ዓይነት ሙያ እንደተሠራ ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን የሚመረምረው በአንድ የተወሰነ ቦታ፣ በደቡብ ወሎ ምዕራብ ደጋ በመካነ ሰላም ከተማ ላይ ቆሞ ነው።

ቦታው የተመረጠው ጥያቄውን ከሌላው አካባቢ ይልቅ ስለሚያከብደው ነው። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በስተምዕራብ መሬቱ ወደ አባይ ሸለቆ እየወረደ ይሄዳል። የአገራችን ቡና፣ ማለትም አረቢካ የሚባለው ዝርያ፣ በብዛት የሚለማው ከ1000 እስከ 2200 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ብርዱና ውርጩ ዛፉን ይጎዳዋል። በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው ደጋ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ነው። ይህ ማለት በከተማዋ የሚከፈት ቡና መቁያ ጥሬውን ቡና ከሌላ ቦታ አምጥቶ ይቆላል ማለት ነው። ታዲያ የዚህ ድርጅት ስም «መነሻ» ብሎ የሚያመለክተው የትኛውን መነሻ ነው?

ጥያቄውን ለመመለስ ሁለት መነሻዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ የፍሬው መነሻ ነው፤ ዛፉ የበቀለበት፣ ፍሬው የተለቀመበት መሬት። ሌላው የእጁ መነሻ ነው፤ ፍሬው የተመረጠበት፣ የተቆላበት፣ የተመዘነበት ቦታ። ቡና አብቃይ በሆነ አገር፣ ለምሳሌ በጅማ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ስለሚውሉ ማንም አይለያቸውም። በደጋው ግን ይለያያሉ፤ ካልተለዩም ስሙ ሳይታሰብበት ውሸት ይሆናል።

በዓለም የቡና ታሪክ ይህ መደባለቅ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ የታወቀ ስም አለ፤ «ሞካ»። ሞካ በየመን ቀይ ባሕር ዳርቻ ያለ ወደብ ነው። ወደቡ ራሱ ሞቃት አሸዋማ ዳርቻ ስለሆነ ቡና አያበቅልም። በተራሮቹ ላይ የበቀለው ቡና ግን በዚያ በኩል ስለሚጫን ገዢዎች ሁሉንም «ሞካ» አሉት። የሐረር ቡናም ሳይቀር በውጭ ገበያ «ሞካ ሐረር» እየተባለ ተሽጧል። ስሙ ያመለከተው ዕቃው ያለፈበትን በር ነበር፤ ሰሚው ግን የፍሬው አገር ነው ብሎ ተረዳው። ስሙን የሚጠብቅ ባለቤት ስላልነበረውም ትርጉሙ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በብዙ ካፌዎች ሞካ ማለት ቸኮላት የገባበት ቡና ሆኗል። ከዚህ ሁለት ነገር ይታያል። ቡና የማያበቅል ቦታ ስሙን ለቡና ሊሰጥ ይችላል። የቦታ ስም ግን ጠባቂ ከሌለው ከነገሩ ይላቀቃል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከራሳችን ነው። የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የንግድ ምልክት ማለት የአንዱን ሰው ዕቃ ከሌላው ዕቃ የሚለይ ቃል ወይም ሥዕል ነው። ይርጋጨፌ ብዙም ሳይቆይ ተመዘገበ። ሲዳሞና ሐረር ግን የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ከተቃወመ በኋላ መጀመሪያ ላይ ተቀባይነት አጡ። የተሰጠው ምክንያት ስሞቹ የቡናውን ዓይነት ከመግለጽ ያለፈ ነገር አያደርጉም የሚል ነበር። ስታርባክስም ከዚያ ቀደም «ሲዳሞ» የሚለው ቃል የገባበት የራሱን ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር፤ በኋላ ማመልከቻውን ተወው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ኩባንያውና የኢትዮጵያ መንግሥት ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ሲዳሞም በሂደት ተመዘገበ። በዚህ ክርክር ውስጥ ለአነስተኛ ቡና መቁያ የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው። የቦታ ስም ከዕቃው ጋር በጣም ሲቀራረብ መግለጫ ይሆናል፤ መግለጫ የሆነ ስም ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ለማዋል ይከብዳል። መንግሥት እንኳ ያን ያህል የደከመበትን ነገር አንድ ግለሰብ በቀላሉ ያገኘዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የአገራችን ሕግም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠን፣ የሚውልበትን አገልግሎት ወይም የተገኘበትን ቦታ ብቻ የሚገልጽ ምልክት እንዳይመዘገብ ይከለክላል። ስለ ዕቃው መገኛ ሕዝብን የሚያሳስት ምልክትም እንዲሁ አይመዘገብም። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎች የሚያደባልቁት ነገር አለ። የንግድ ስም አንድ ነገር ነው፤ የንግድ ምልክት ሌላ። የንግድ ስም ንግድ ፈቃድ ላይ የሚጻፈው የድርጅቱ መጠሪያ ሲሆን የሚመዘገበው በንግድ ቢሮ በኩል ነው። የንግድ ምልክት ከረጢቱ ላይ የሚታየው መለያ ነው፤ የሚመዘገበውም በፌዴራል ደረጃ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የመጀመሪያውን የያዘ ሰው ሁለተኛውን ይዟል ማለት አይደለም። በአዋጁ መሠረት በምልክቱ ላይ ሦስተኛ ወገንን የሚያስገድድ መብት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ንግድ ፈቃዱን ይዞ ለዓመታት የሠራ ሰው ያው ስም በሌላ ከረጢት ላይ ተመዝግቦ ሊያገኘው ይችላል።

ስሞች ከዕቃው ባላቸው ርቀት ደረጃ አላቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ያለው ዕቃውን ራሱን የሚጠራ ነው፤ «የተቆላ ቡና» እንደማለት። ይህ የማንም አይሆንም። ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃውን የሚገልጽ ነው፤ «ምርጥ አቦል» ወይም «ትኩስ ጀበና» የሚሉት እዚህ ይወድቃሉ። ሦስተኛው የሚጠቁም ስም ነው። ሰሚው ትንሽ አስቦ ከዕቃው ጋር ያገናኘዋል፣ ስሙ ግን ዕቃውን አይናገርም። የመጨረሻው ከዕቃው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ወይም አዲስ የተፈጠረ ቃል ነው። ወደ መጨረሻው በተጠጉ ቁጥር የሕግ ጥበቃው ይጠነክራል፤ ሰሚው ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር ግን ይቀንሳል። ፍሬና ሲኒን ትቶ መነሻንና ሙያን ማመልከት ሲባል የሚፈለገው ሦስተኛው ደረጃ ነው።

በአዲስ አበባ ሁለት የታወቁ ስሞች ይህን ርቀት በተለያየ መንገድ ፈትተውታል። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተ ቡና ቆይ ነው። ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» የሚል ትርጉም ካላቸው የጣሊያንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ሙሉ ሐረጉ መግለጫ ብቻ ነው፤ ማንም ቡና ቆይ ሊለው ይችላል። አጥሮ ሲገጣጠም ግን በአማርኛም በጣሊያንኛም ያልነበረ ቃል ወጣው። ሙያው በስሙ ውስጥ አለ፣ ግን ተሸፍኗል። ካልዲስ ደግሞ የተነሣው ከፍየል ጠባቂው አፈ ታሪክ ነው። አፈ ታሪኩን የሰማ ሰው ስሙን ሲጠሩለት ቡናና ኢትዮጵያ አንድ ላይ ይመጡለታል፤ አንድም የቡና ዕቃ ግን አልተጠራም። የዚህ መንገድ ድክመቱ አፈ ታሪኩ የሁሉም መሆኑ ነው፤ በሌላ አገር ያለ ቡና ሻጭም በዚሁ ስም ሊጠቀም ይችላል።

አሁን ወደ መካነ ሰላም እንመለስ። አንዲት ባለሙያ በከተማዋ መቁያ ልትከፍት ነው እንበል። ገበያዋ የከተማው ካፌዎችና መሥሪያ ቤቶች፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ቀጥሎም ደሴና አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ ወደ አእምሮዋ የሚመጣው የከተማዋ ስም ይሆናል። «መካነ ሰላም ቡና» የሚያምር ስም ነው። ነገር ግን ነገ በከተማዋ ሁለተኛ መቁያ ቢከፈት እሱም የመካነ ሰላም ነኝ ቢል እውነቱን ነው። ሕጉም ይህን ቃል ከቡና ጋር ብቻውን ለአንድ ሰው ለመስጠት ይቸገራል። ከዚህ በላይ ደግሞ ደሴ ላይ ከረጢቱን ያየ ሰው ቡናው በመካነ ሰላም የበቀለ ይመስለዋል።

የወረዳው ስም ከዚህ የባሰ ነው። «ቦረና» ሲባል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚያስበው በደቡብ ኦሮሚያ ያለውን የቦረና ዞን ነው። ከዚያ ዞን አጠገብ ደግሞ ጉጂ አለ፤ ጉጂ በቡናው ከአገር አልፎ የታወቀ ነው። «ቦረና ቡና» የሚል ከረጢት ስለዚህ የደቡቡን ቡና በስም ይዋሳል። ባለቤቷ ምንም ሳትዋሽ ገዢው ይሳሳታል፤ አዋጁ «የሚያሳስት» የሚለውም እንዲህ ያለውን ነው። የወረዳው ሌላ መጠሪያ «ደብረ ሲና»ም ቢሆን አይሻልም፤ ለአብዛኛው ሰው የሰሜን ሸዋዋ ከተማ ናት።

ከከተሞች ወደ ተፈጥሮው ብትሄድ የመጀመሪያው ሀብት ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቀው ደን ነው። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል፤ ቀድሞ ግን በሰፊው የሚታወቀው ደንቆሮ ጫካ በሚል ነው። ለውጭ አገር ሰው ድምፁ ጥሩ ሊመስል ይችላል። በአማርኛ ግን ከረጢት ላይ ሊጻፍ የማይችል መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። ወንዞቹም አሉ። ወለቃ ወደ አባይ ከሚገቡት የደቡብ ወሎ ወንዞች አንዱ ነው፤ ሆኖም ጎንደር አጠገብ ያለው ወለቃ መንደር በስሙ የታወቀ ስለሆነ ስሙ ወደዚያ ይስባል። ሲጠራም «ወለቀ» የሚለውን ግስ ያስታውሳል። በሽሎ የተሻለ ነው። ታሪክ ያለው ወንዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የተሻገረው እሱን ነው። ከቡና ጋር ቀጥተኛ ዝምድና ስለሌለውም መግለጫ አይሆንም። ሁለት እንቅፋት ግን አለበት። በላቲን ፊደል በተለያዩ መጻሕፍትና ካርታዎች በሦስት በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ ስልኩ ላይ የሚፈልገው ሰው ላያገኘው ይችላል። ሁለተኛ፣ ወንዙ ከመካነ ሰላም ይልቅ ለሰሜኑ ለሳይንትና ለመቅደላ ይቀርባል።

ከፓርኩ ዕፅዋት መካከል ግን አንድ ቃል ይቀራል፤ አስታ። አስታ በከፍተኛ ደጋ ላይ የሚበቅል፣ መርፌ የመሰለ ቀጭን ቅጠልና ነጭ ጥቃቅን አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ሲያድግም ዛፍ ይሆናል። በደጋው ሰው ዘንድ የታወቀ ነው፤ ለከተማው ሰው ግን ከደጋ ሽታ በቀር ብዙም ነገር የማያመጣ ቃል ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋነኛው ጥቅሙ አስታ በሚበቅልበት ቦታ ቡና የማይበቅል መሆኑ ነው። «አስታ» የሚል ስም የእጁን አገር ያመለክታል፤ የፍሬውን አገር ግን ሊያመለክት አይችልም። አብዛኞቹ የቦታ ስሞች የወደቁበትን የማሳሳት ችግር ያለ ምንም ማብራሪያ ያልፈዋል።

መነሻው ይህን ያህል ከሄደ ሙያው ይቀራል። እዚህ ላይ የአካባቢውን ልማድ ማየት ያስፈልጋል። በወሎ ቤቶች ቡና መቁላት የማንኛዋም የቤት እመቤት ሙያ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ያለ ነው። ፍሬው ይለቀማል። ምጣዱ ላይ ውኃ ጠብ ተደርጎበት ይታጠባል፤ ቀጭኗ ገለባ እየተፈተገች ትወጣለች። ከዚያ ይቆላል። መንጣጣት ሲጀምር ቁላቱ ይፈጥናል፤ ፍሬው ወዝ ሲያወጣ ምጣዱ ይነሣና ጭሱ በእንግዶቹ ፊት ይዞራል። ይህን በየቀኑ ለሚያደርግ ሰው «አቦል» ወይም «በረካ» የሚል ከረጢት አዲስ ነገር አይነግረውም። ቃላቱ የእሱ ናቸው፤ የሚያመለክቱትም መጠጣቱን እንጂ መቁላቱን አይደለም። «ወዳጃ» የሚለው የወሎ ቃል ደግሞ ቡና የሚፈላበት የጸሎት ስብሰባ ስለሆነ ለንግድ ማዋሉ ተገቢ አይደለም፤ የሚያስከፋቸው ሰዎች ይኖራሉ።

መቁያው ከቤቱ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ዛሬ የወጣውን ጣዕም ነገ መድገም መቻል አለበት። ማሽኑ የሚሽከረከር በርሜል ነው። ፍሬው 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በውስጡ ያለው እንፋሎት ይገፋውና ይንጣጣል። ቆይው የፍሬውን ሙቀትና ከዚያ ድምፅ በኋላ ያለውን ጊዜ እየመዘገበ ያወርደዋል። ቡናው ሲቆላ ከክብደቱ ከመቶ 12 እስከ 20 ያህል ይቀንሳል፤ 60 ኪሎ ጥሬ የያዘ ጆንያ በመካከለኛ ቁላት 51 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። የደጋው ከፍታም ራሱ ሥራው ውስጥ ይገባል። በ2600 ሜትር ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩም ስስ ስለሆነ በጋዝ የሚሠራ መቁያ እሳቱ ለቦታው መስተካከል አለበት። በሌላ ከተማ የተቆላውን በዚያው ልክ እዚህ መድገም አይቻልም። ስለዚህ «የደጋ ቁላት» የሚለው አባባል ተጨባጭ ሥራ አለው።

ይህን ሥራ የሚሸከም ቃል ሲፈለግ ብዙዎቹ በመንገድ ይቀራሉ። «ምጣድ» ሲባል ሰው የሚያስበው እንጀራ ነው። «ረመጥ» ትኩስ አመድ ስለሆነ ለዝግታ ቁላት የተስማማ ይመስላል፤ በአነጋገራችን ግን የሚያቃጥል መከራ ማለትም ነው። «ፍም» አጭርና ሞቅ ያለ ቃል ነው። ከአስታ ጋር ሲጣመር «የአስታ ፍም» የሚል፣ መነሻንም ሙያንም በአንዴ የያዘ የሚመስል ስም ይወጣል። ይህ ከሁሉም ዕጩዎች የሚያምረው ነው፤ መጣል ያለበትም ለዚሁ ነው። ሰሚው ቡናው በአስታ ፍም የተቆላ ነው ብሎ ይረዳል። ማሽኑ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ከሆነ ስሙ ሐሰት ነው። እውነት ቢሆን ደግሞ ይብሳል፤ በፓርኩ ውስጥ የሚጠበቀውን ዛፍ ማገዶ ማድረግን ያስተዋውቃል።

የሚቀረው «እጅ» ነው። በአማርኛ የሴቲቱ እጅ ይጥማል ሲባል ሙያዋ ማለት ነው፤ ቃሉ ዕቃውን ሳይሆን ሥራውን ይይዛል። ከጎረቤቶቹ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ባለ እጅ» የሚለው አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪውን ሲያገልሉበት የኖሩበት ቃል ነው። «እጀ» ብሎ ማጣመርም «እጀ ሰብእ» የሚለውን፣ መድኃኒት አድራጊነትን የሚያመለክተውን ቃል ይጠራል። «የደጋ እጅ» ከእነዚህ የጸዳ ነው። ትርጉሙም በትክክል የሚፈለገው ነው፤ ደጋው ሙያውን እንጂ ፍሬውን አልሰጠም። ስም ሆኖ ሲጠራ ግን ሁለቱ ቃላት ይዋዋጣሉ፤ ፈጠን ብሎ የሚናገር ሰው «የደጋጅ» ይለዋል። በስልክ ያዘዘ ደንበኛ ሲጽፈው ይሳሳታል።

«አስታ» ራሱም በጆሮ ሲፈተሽ አንድ ጉድለት አለው። አስታወሰ፣ አስታረቀ፣ አስታመመ የሚሉት ግሶች በዚሁ ድምፅ ስለሚጀምሩ ብቻውን ሲነገር ሰሚው ቀሪውን ይጠብቃል። «አስታ ምን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። «አስታ ቡና» ሲባል ግን ይህ ይቀራል፤ ሰውም ሲያዝ በተፈጥሮው የሚለው እንዲሁ ነው። በፊደላችንም በላቲንም ያለው አጻጻፍ አንድ ነው።

ማስረጃው ሲደመር የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ስሙ «አስታ» ይሁን፤ ከሥሩ ባለው ሁለተኛ መስመር «በመካነ ሰላም፣ በደጋ እጅ የተቆላ» ይጻፍ። ሦስተኛው መስመር የፍሬውን አገር በግልጽ ይናገር፤ ከጅማ ከሆነ ጅማ፣ ከጉጂ ከሆነ ጉጂ ይበል። በዚህ አደረጃጀት አንድ ቃል ሁሉንም እንዲሸከም አይገደድም። ስሙ ይጠቁማል፣ ሁለተኛው መስመር ሙያውን ይናገራል፣ ሦስተኛው እውነቱን ይመሰክራል። ጆንያው የሚመጣበት አገር በየወቅቱ ቢለዋወጥ የሚቀየረው ሦስተኛው መስመር ብቻ ነው። ቁላቱን ለመለየትም ፍሬና ሲኒ አያስፈልግም። አማርኛ ለሰው መልክ ያሉት ቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር የሚሉት ቃላት ቀላሉን፣ መካከለኛውንና ጠንካራውን ቁላት በቅደም ተከተል ይገልጹታል።

ከረጢቱ ከመታተሙ በፊት ስሙ ሰው ላይ መሞከር አለበት። ሙከራው ቀላል ነው። ምልክቱን ያላዩ አሥር ሰዎች፣ ግማሾቹ ከደሴ ግማሾቹ ከአዲስ አበባ፣ ስሙን በስልክ ይስሙና ይጻፉት። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይጠየቁ፤ ይህ ድርጅት ምን ይሸጣል ይመስላችኋል? ቡናውስ የት የበቀለ ይመስላችኋል? በመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም ቡና ባይሉ ችግር የለውም፤ ሁለተኛው መስመር ይነግራቸዋል። በሁለተኛው ጥያቄ ግን ከሦስት በላይ የሆኑት መካነ ሰላም ወይም ወሎ ካሉ ስሙ እያሳሳተ ነው፤ መለወጥ አለበት። ከሦስት በላይ የሆኑት ፊደሉን ከሳቱም እንዲሁ።

ሙከራውን ካለፈ ቀጣዩ ሥራ መዝገብ ማስፈተሽ ነው። አጫጭር ስሞች ከሌላ ሰው ስም ጋር የመመሳሰል ዕድላቸው ሰፊ ነው። ፍተሻው በሁለቱም ቦታ፣ በንግድ ስሙም በንግድ ምልክቱም መዝገብ ይደረግ። ምልክቱ ሲመዘገብ ዕቃና አገልግሎት በዓለም አቀፍ ምደባ ቁጥር ይለያሉ። የተቆላ ቡና 30ኛው ክፍል ውስጥ ነው። ለሌሎች ቡና መቁላት በ40ኛው፣ ካፌ ደግሞ በ43ኛው ይገባል። ዛሬ ከረጢት ብቻ የምትሸጥ ሴት ነገ ከመቁያው አጠገብ ካፌ ለመክፈት ካሰበች በ30ኛውም በ43ኛውም ክፍል ከመጀመሪያው ማስመዝገብ ይሻላታል፤ አለበለዚያ በ30ኛው ክፍል የተመዘገበው «አስታ» በር ላይ ለሚሰቀለው «አስታ ካፌ» ሙሉ ጥበቃ ላይሰጥ ይችላል። ምዝገባው ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።